ኬኩን ወደ ላይ አውጪው

የሰው የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ያቅለሸልሸኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። አሁን ግን «መጻሕፍት ማንበብ፣ መጓዝና ሙዚቃ ማዳመጥ ይወዳሉ» የሚል መስመር ባየሁ ቁጥር ያጥወለውለኛል፤ ወረቀቱን ገልብጬ ነው የማስቀምጠው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

የምሠራው የውኃ መሐንዲሶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ጽሑፍ አዘጋጅ ነኝ። ደብዳቤውም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ የኀዘን መግለጫውም በኔ እጅ ያልፋል። ጠረጴዛዬ ፎቶ ኮፒ ማሽኑና በሩ መሃል ስለተሸጎጠች የገባ የወጣው ሁሉ ክርኔን እየገጨ ነው የሚያልፈው። ይኼ ሁሉ ሲሆን ኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት! በየዓመቱ «ለአንድ ዓመት ታድሷል» የሚል ወረቀት ይሰጡኛል፣ እኔም አመሰግናለሁ።

ማኅበሩ በየሁለት ዓመቱ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ዕጩዎቹ ፎርም ይሞላሉ፣ እኔ ከፎርሙ ላይ ለእያንዳንዳቸው አጭር የሕይወት ታሪክ እጽፍላቸዋለሁ፣ ቡክሌት ሆኖ ይታተማል። አንድ መቶ ሃያ ቃል፤ አንድም አይበልጥ። ፎርሙ መጨረሻ ላይ «የግል ዝንባሌ (ካለ)» የምትል ሳጥን አለች። የዚህች ሳጥን ጣጣ ነው እንግዲህ።

መሐንዲስ ሲሚንቶ ሲያቦካ አይቀልድም፣ እዚህች ሳጥን ላይ ሲደርስ ግን ውሸቱን ይለቀዋል። ሁሉም መጽሐፍ አንባቢ ነው። አንዱ «ተራራ መውጣት» ብሎ ጻፈ፤ ሰውየው ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቢሯችን ለመድረስ ሊፍት ቆሞ የሚጠብቅ ነው፣ ሊፍቱ ሲበላሽ ደግሞ ፎርሙን በሰው ይልካል። ስለዚህ የራሴን ሕግ አወጣሁ። አንደኛው ዓረፍተ ነገር ሰውየው ምን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሠራ ይናገራል። ሁለተኛው ትልቁን ሥራውን። ከዚያ ትምህርቱ፣ ሌላው ሌላው። ዝንባሌ የሚባለው ካለ ከታች፣ በአንድ መስመር፣ እሱም ስለ ሰውየው የሆነ ነገር የሚናገር ከሆነ ብቻ። አንድ ጊዜ «ዋና» ብሎ የጻፈ ሰው ነበር፤ ስጠይቀው ግድብ ሲመረምር ራሱ ጠልቆ የሚያይ ሆኖ ተገኘ። የሱን ከሳጥኗ አውጥቼ ሥራው መሃል አስገባሁለት፤ ዝንባሌ ሳይሆን ሙያው ነዋ! መጽሐፍ ማንበቡን ግን ለሁሉም ሰረዝኩት። ማንም አልጮኸም።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም። ጉባኤው ቀን የመድረክ መሪው ዕጩዎቹን ሲያስተዋውቅ ከየታሪካቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያነብና «ሌላውን ከቡክሌቱ ታነባላችሁ» ብሎ ያልፋል። ማንም አያነበውም። ቡክሌቱ ማራገቢያ ነው የሚሆነው። አዳራሹ የሚያውቀው እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው፤ ከዚያ ዕጩው ሦስት ደቂቃ ይሰጠውና ሐሳቡን ይናገራል፣ ደወል ይደወላል፣ ድምፅ ይሰጣል። ይኼን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልሸውዳችሁ ነው።

ባለፈው ምርጫ ሁለት ሰው ነበር የቀረው። አንዱን ዘናጩ እንለዋለን። ጫማው ላይ አቧራ አርፎ አያውቅም፤ የግንባታ ቁጥጥር ሰነድ ግን በዓመት አርባና ሃምሳ ይፈርማል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። ሌላዋ እትዬ ቧንቧ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው በወጣትነታቸው ነው፤ የከተማው ትልቁ ቱቦ ስንጥቁ የት እንዳለ ጠፍቶ ወንዶቹ በካርታ ሲጨቃጨቁ፣ እሳቸው የእጅ ባትሪ በጥርሳቸው ነክሰው ገብተው፣ በደረታቸው እየተሳቡ አገኙት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ሁለት ጊዜ ተሸንፈዋል። ይኼኛው የመጨረሻቸው ነበር፤ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ነው የቀራቸው፣ ጡረተኛ ደግሞ አይመረጥም።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ቦታው ድረስ ሄዶ ያላየ መሐንዲስ የቁጥጥር ፊርማ እንዳይፈርም። በቃ። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በመጀመሪያው ወር ደንቡን ያስለውጣሉ። ባለፈው ዓመት አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ግድግዳው ተንዶ ሁለት ጥበቃዎች ሞተዋል፤ ሰነዱ ላይ ፊርማ ነበረበት፣ ፈራሚው ግን በሩን እንኳ አያውቀውም።  እትዬ እኔን ደግሞ ይወዱኛል። ቢሮ ሲመጡ ወንበር ስቤ አስቀምጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም ቃለ ጉባኤዬን አንብበው «ልጄ፣ አንቺ እኮ ሰው የተናገረውን ሳይሆን ሊናገር የፈለገውን ነው የምትጽፊው» ይሉኛል። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

የሳቸው ሳጥን ባዶ ነበር። ታሪካቸውን ጽፌ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። ሊቀመንበሩ የአስመራጭ ኮሚቴው ማለቴ ነው። ሰው ሲያናግር ክንድ የሚይዝ፣ ሴቱን ሁሉ «እህትዓለም» የሚል፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ የተለጠፈ ሰው። ዘናጩ የሱ ሰው መሆኑን ፎቶ ኮፒ ማሽኑም ሳይቀር ያውቃል።

ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እህትዓለም፣ ይቺ ሴትዮ ደረቀችብኝ። ቱቦ፣ ግድብ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት... ሰው ይፈራታል እኮ። ዝንባሌ የላትም?»

«ባዶ ነው የተዉት» አልኩ።

«ደውይላት። ሰው እንደሆነች ይታይ።»

ደወልኩ። እትዬ ሳቁ። «ዝንባሌ? በስተርጅና! ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጅ ልጄ ኬክ እጋግራለሁ፣ ግማሹ ያርብኛል። ጓሮዬ ሦስት ጽጌረዳ አለ። ይኼ ለጉባኤው ምን ሊረባው ነው ልጄ?»

«ኮሚቴው ይግባ ብሎ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው ከታች በኩል ጣል አድርጊያት። አንድ መስመር። ከዚያ አታስበልጪ።»

አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ከታች። ረቂቁን ላክሁላቸው። ደንባችን ነው፤ ዕጩው የራሱን ታሪክ አይቶ ሳይፈርምበት አይታተምም። ፈርመው መለሱልኝ፤ ከፊርማው ጎን «እጅሽ ይባረክ» ብለዋል።

በሁለተኛው ቀን፣ ቡክሌቱ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ ሊቀመንበሩ መጣ። ክንዴን ያዘ። እጁ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

«ኬኩን ወደ ላይ አውጪው» አለኝ።

«አቤት?»

«ኬኩን፣ አበባውን። ከታች ማን ያይላታል? ከላይ አድርጊው። ትሙቅ እንጂ ሴትዮዋ!»

«የሁሉንም ነው የማወጣው?»

«ኧረ የሷን ብቻ። ወንዶቹ ምን ያደርግላቸዋል?» አለና ሳቀ። ከልቡ እኮ ነው የሳቀው።

«ፈርመዋል እኮ» አልኩ። «እንደገና ማሳየት አለብኝ።»

«ምን ተጨመረ? ምን ተቀነሰ? ያው ቃል ነው፣ ቦታው ነው የተቀየረ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና ጎንበስ አለልኝ። «የቋሚነትሽ ነገር እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለሽ ሠራሽ፤ ያሳዝናል። በዚህ ወር እንጨርሰዋለን እያልን ነው።»

ደሜ ፈላ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልፈላም።  እናቴ ከኔ ጋር ናት፣ ኪራይ ቤት ነው የምንኖረው፣ በየዓመቱ ኮንትራቴ ሊያልቅ ሲል «ዘንድሮስ ያድሱልሽ ይሆን?» እያለች ከኔ በፊት እንቅልፍ የሚነሳት እሷ ናት። ይኼን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በቃ እንደዚያ ነው።

ለራሴም ያላልኩት ነገር አልነበረም። ዘንድሮ የመድረክ መሪው አዲስ ነው፣ ምናልባት ሙሉውን ያነበው ይሆናል አልኩ። ኬክ መጋገር ነውር ነው እንዴ አልኩ። እውነት እስከሆነ ድረስ ከላይ ሆነ ከታች ምን ለውጥ አለው አልኩ። ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ቅደም ተከተል እንጀራዋ የሆነ ሴት! ኮምፒውተሩ ላይ መስመሯን ቆርጬ ከላይ ለጠፍኳት። ጎረበጠችኝ። እንደዚያ ተቆርጣ የተለጠፈች መሆኗ ያስታውቃል። ስለዚህ አስተካከልኳት፣ አለሰለስኳት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር አደረግኳት። አምራ ወጣች። ሲያምርልኝ ደግሞ ደስ አለኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ። ቡክሌቱ ሄደ።

ጉባኤው የነበረው ከምሳ በኋላ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ማራገቢያው አይሠራም፣ ቡክሌቱ ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። እኔ ከመድረኩ ሥር በስተቀኝ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። እትዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ የሦስት ደቂቃ ንግግራቸውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይለማመዳሉ። ሲያዩኝ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

የመድረክ መሪው ድምፁን የሚወድ ወጣት ነው። መጀመሪያ ዘናጩን አስተዋወቀ። «የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ ያካበቱ ከፍተኛ የውኃ መሐንዲስ ናቸው። የሦስት ከተሞችን የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት በበላይነት መርተዋል። ሌላውን ከቡክሌቱ ታነባላችሁ።» ጭብጨባ። ዘናጩ ወጣና ሦስት ደቂቃውን ስለ ራእይ አወራበት፤ ራእዩ ምን እንደሆነ አልነገረንም እንጂ።

ከዚያ የሳቸው ተራ ደረሰ። እኔ እስክሪብቶዬን ጨበጥኩ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጅ ልጃቸው ኬክ መጋገር የሚያስደስታቸው አያት ናቸው» ብሎ አነበበ። «ጓሯቸው ያሉትን ጽጌረዳዎች ያየ ሰው የእጃቸውን ልስላሴ ይረዳል።» ቆም አለ። ቀጥል፣ በናትህ ቀጥል አልኩ በሆዴ። ገጹን ገለጠ። «ሌላውን ከቡክሌቱ ታነባላችሁ።»

 ከዚያ ከኋላ አንዱ «ኬኩስ የታለ?» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ያ ነው የሚያስጠላው። የፍቅር ሳቅ ነበር። ልክ አያታቸው መድረክ ላይ እንደወጣችላቸው ሁሉ በፈገግታ እያዩ አጨበጨቡላቸው። ሊቀመንበሩ ከሁሉ አብልጦ ነው ያጨበጨበው። ወደኔ ዞሮም ራሱን ነቀነቀልኝ፣ «አየሽ፣ ሞቀች» እንደማለት። አፌ ምራቅ ሞላ፤ እዚያው ላስታውክ ምንም አልቀረኝም።

እትዬ መድረኩ ላይ ቆመው ወረቀታቸውን አዩ። ከዚያ አዳራሹን አዩ። ወረቀቱን አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«መሐንዲስ ነኝ» አሉ። ሳቁ ገና አላለቀም ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።» ከዚያ የሠሩትን መቁጠር ጀመሩ። ይኼኛው ግድብ፣ ያኛው መስመር፣ የዚህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ በዚህ ዓመት። እኔ አንደኛውና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጽፌው ለነበረው ሁሉ፣ በነጻ መነበብ ለነበረበት ሁሉ፣ ከሦስት ደቂቃቸው ላይ እየቆረሱ ከፈሉ። ሰው መሐንዲስ መሆኑን መሐንዲሶች ፊት ቆሞ ሲያስረዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያሳያችሁ። የሚለምን ይመስላል። ሰውየው በእውነት ትልቅ በሆነ ቁጥር ደግሞ ልመናው ይብሳል።

«እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ» አሉ በመጨረሻ። «ባለፈው ዓመት ያ ማጠራቀሚያ የተናደ ጊዜ፣ ሰነዱ ላይ የነበረው ፊርማ...»

ደወሉ ተደወለ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ» አሉ።

«ደንብ ነው እትዬ» አለ የመድረክ መሪው፣ በአክብሮት፣ እጃቸውን ይዞ ደረጃውን ሊያወርዳቸው። እጃቸውን መነጨቁት። ብቻቸውን ወረዱ።

መቶ አርባ አንድ ለመቶ ሠላሳ። በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፉ። ቁጥሩን ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዳራሹ ሲበተን በኋላ በር ልውጣ ብዬ ስሾልክ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝ። ቡክሌቱ በእጃቸው ነው፣ ያ ገጽ ላይ ጣታቸውን አስገብተው ይዘውታል።

«እኔ የፈረምኩት ይኼን አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም እትዬ።»

«ማነው ከላይ ያወጣው?»

«ሊቀመንበሩ ነው ያዘዘኝ።» ድምፄ ለራሴም ቀፈፈኝ። «የእርስዎን ብቻ ወደ ላይ አውጪው አለኝ። ቋሚነቴን... ጠረጴዛው ላይ ነው አለኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀስ ብለው። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው ፈታ ያለ መሰለኝ። «አውቄዋለሁ» አሉ። «የሱ እጅ እንዳለበት ገና ሲነበብ ነው ያወቅኩት። አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ እንጀራ ነው። አይዞሽ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ልሄድ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይኼን ባላወራኋችሁ። እሳቸው ግን ገጹን እንደገና ገለጡት፣ መነጽራቸውን አደረጉ። መሐንዲስ ናቸዋ፤ ስንጥቁ የት እንዳለ ሳያዩ አይሄዱም።

«ኬኩን ነግሬሻለሁ። ጽጌረዳውንም ነግሬሻለሁ» አሉ። «አያት ናቸው የሚለውንና ይኼ የእጅ ልስላሴ የሚለውን ግን አልነገርኩሽም። እሱንም እሱ ነው ያስጻፈሽ?»

እሱ ነው ብል ያምኑኝ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር።

«የኔ ነው» አልኩ። «ማንም አላዘዘኝም። ዓረፍተ ነገሩ ጎርብጦኝ፣ እንዲያምር ብዬ ነው።»

 እትዬ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸውን አሳዩኝ። ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ አንጓቸው ድረስ የሚሄድ ወፍራም ጠባሳ አለ፤ የቱቦ ብረት የቆረጠው። ዘጠኝ ዓመት ስጨብጠው የኖርኩት እጅ ነው። ልስላሴ የሚባል ነገር አልፎበት አያውቅም።

«እሱማ ጠላቴ ነው» አሉ። «አንቺ ግን አምሮሽ ነው የጻፍሽው።»

ቡክሌቱን እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ሰባት ወሩ ሲሞላ ጡረታ ወጡ፤ ስንብታቸው ላይ አልጠሩኝም። ዘናጩ እስከ ዛሬ ከወንበሩ ሳይነሳ ይፈርማል፣ አሁን እንዲያውም በማኅበሩ ማኅተም ነው።

የቋሚነት ደብዳቤው የመጣው ጉባኤው በተደረገ በአራተኛው ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ አምጥቶ፣ ክንዴን ይዞ፣ «እህትዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ፊቱ ላይ ቀደድኩት ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ እናቴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብባኝ አለቀሰች፣ ጎረቤት ጠርታም አሳየች። ጠዋት «ተቀብያለሁ» የሚለው ላይ ፈርሜ መለስኩት።